ያደረ ሩዝ ይበላል? ከምድጃ እስከ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ እስከ ምሳ ዕቃ

ማታ የተሠራ ሩዝ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ምድጃው ላይ ካደረ ጠዋት አይበላም። ቢሞቅም አይበላም። በዘይትና በሽንኩርት ቢጠበስም አይበላም። በጊዜ ፍሪጅ ገብቶ ያደረ ሩዝ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በደንብ ከሞቀ ይበላል።

ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ሆኖም ጠዋት ድስቱ ሲከፈት ሩዙ ነጭ ነው፣ አይሸትም፣ አልሻገተም። “ደህና አድርጌ አሞቀዋለሁ” ይባልና ለልጅ ምሳ ዕቃ ይገባል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሩዝ ላይ አደጋው የሚፈጠረው ሌሊቱን ነው፤ የጠዋት እሳት ደግሞ ሌሊት የተፈጠረውን ሁሉ አያጠፋም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማሞቅ ይልቅ ሩዙ ከእሳት ከወረደ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ላይ ያተኩራል።

## መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ እሳት የሚያጠፋውና የማያጠፋው

ጉዳዩ የሚያያዘው ባሲለስ ሴረስ ከሚባል ባክቴሪያ ጋር ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ጥሬ ሩዝ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። የፎገራም ሩዝ ይሁን ከውጭ የገባ፣ ውድም ይሁን ርካሽ ልዩነት የለውም። ማጠብ ቢቀንሰውም አያጠፋውም።

ሩዝ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይታችሁ እወቁ።

አንደኛው ስፖር ነው። ባክቴሪያው ክፉ ቀን ሲመጣበት በጠንካራ ቅርፊት ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ የፈላ ውሃ አይገድለውም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ደግሞ ይብሱን አይገድለውም። ሩዙ በስሎ ሲወርድ ስፖሩ አብሮ በሕይወት አለ። እንዲያውም ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል።

ሁለተኛው የነቃው ባክቴሪያ ነው። ሩዙ ለብ ሲል ስፖሩ ይፈነዳና መብላትና መባዛት ይጀምራል። ይህን እሳት ይገድለዋል። በደንብ የሞቀ ሩዝ ላይ ይሞታል።

ሦስተኛው መርዙ ነው። አንዳንዶቹ የባክቴሪያው ዝርያዎች ሲባዙ ሴሩላይድ የሚባል መርዝ ሩዙ ውስጥ ይተዋሉ። የሚያስመልሰው እሱ ነው። ይህን መርዝ የቤት ምድጃ አያጠፋውም። መጥበሻም፣ ማይክሮዌቭም፣ የግፊት ድስትም አያጠፋውም። የጨጓራ አሲድም አይፈታውም። ጨው የገባበትን ውሃ ብታፈሉት ጨው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ መርዝ የገባበትን ሩዝ ብታሞቁት መርዙ እዚያው ይቀራል።

ማሞቅ አንዳንዴ የሚጠቅመው፣ አንዳንዴ የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ይኸው ባክቴሪያ ተቅማጥና ቁርጠትም ያመጣል። ያኛው የሚመጣው ሰው ባክቴሪያውን በሕይወት ከዋጠ በኋላ አንጀት ውስጥ ሌላ ዓይነት መርዝ ሲያመርት ነው። እዚያ ላይ ማሞቅ ይረዳል፤ ባክቴሪያው ሳይዋጥ ይሞታልና። ሴሩላይድ ግን ድስቱ ውስጥ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

መርዙ ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ጣዕምም አይለውጥም። ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ አትቅመሱ።

## አንድ ድስት ሩዝ፣ ሌሊቱን በሙሉ

በብዙ ቤት የሚሆነውን በሰዓት እንከታተለው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሩዙ ወረደ። ቤተሰቡ በላ። ግማሽ ድስት ተረፈ። ክዳኑ ተከድኖ ምድጃው ላይ ቀረ።

3 ሰዓት ላይ ድስቱን ከውጭ ስትነኩት ቀዝቅዟል ትላላችሁ። መሃሉ ግን ገና ሙቅ ነው። ሩዝ ሲታጨቅ ሙቀቱን አይለቅም፣ ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን ይይዛል። ከዚህ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው ክፉዎቹ። ከ60 ዲግሪ በታችና ከ4 ዲግሪ በላይ ያለው ሙቀት ሁሉ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። በተለይ ደግሞ ከሰውነት ሙቀት እስከ 30 ዲግሪ ያለው ቦታ ገነቱ ነው።

30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሩዝ ውስጥ ባክቴሪያው በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ ግራም ሩዝ ውስጥ 10 ብቻ ነቅተው መባዛት ጀመሩ እንበል። ሙቀቱ እዚያው ከቆየ ከ5 ሰዓት በኋላ 10 ሺህ ይሆናሉ። ከ7 ሰዓት በኋላ 160 ሺህ ያልፋሉ። በግራም 100 ሺህ መድረስ ደግሞ ለጤና አስጊ የሚባለው ደረጃ ነው። ቤቱ ሲቀዘቅዝ መባዛቱ ይዘገያል። ግን አይቆምም።

“የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል?” የሚል ብዙ ነው። የውጭው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ወጥ ቤቱ ግን እንደዚያ አይቀዘቅዝም፤ የተከደነ ድስት መሃል ደግሞ ከወጥ ቤቱም ይዘገያል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ከሆናችሁ ይህ ክርክር እንኳ የለም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድስቱ ተከፈተ። ሩዙ ቀዝቃዛና ጤነኛ ይመስላል። በዘይት ተጠበሰ። የነቃው ባክቴሪያ ሞተ። መርዝ ከነበረ ቀረ። ያልነቃው ስፖርም ቀረ። ትኩስ ሩዙ ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ታጭቆ ቦርሳ ገባ። ልጁ የሚበላው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስፖሩ እንደገና ለብ ያለ ቤት አገኘ፣ ሁለተኛ ዙር ስድስት ሰዓት ተሰጠው።

“እኛ ስንት ዓመት በልተነዋል፣ ምንም አልሆንንም” ለሚለው መልሱ ይህ ነው። ሁሉም ዝርያ ሴሩላይድ አያመርትም። ሁሉም ሩዝ ላይ መጠኑ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ወይም “ሆዴን ቆረጠኝ” ተብሎ ይታለፋል። የዛሬው ድስት ከየትኛው እንደሆነ ግን ማንም በዓይኑ አይለይም።

## ደረጃ 1፦ ሳትቀቅሉ በፊት ተዘጋጁ

1. የምትበሉትን ያህል ለኩ። ጥሬ ሩዝ ሲበስል ወደ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ለሁለት አዋቂ ይበቃል። እህል መድፋት ለሁላችንም ከባድ ነው። የማይደፋው ግን መጀመሪያውኑ ያልተረፈ ነው።
2. ሰፊ ዕቃ አዘጋጁ። ትሪ፣ የኬክ መጋገሪያ ወይም ሁለት ሦስት ዝርግ ሳህኖች ይሁኑ። ታጥበው የደረቁ ይሁኑ።
3. ፍሪጅ ውስጥ ቦታ አስለቅቁ። ማታ ደክሟችሁ ቦታ ስትፈልጉ ነው “ነገ ይገባል” የሚባለው።
4. ፍሪጁን ፈትሹ። ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ካላችሁ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ መሃለኛው መደብ ላይ አሳድሩት። ጠዋት 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለበት። 8 ወይም 10 ካነበበ መቆጣጠሪያውን ወደ ቀዝቃዛው አዙሩና እንደገና አሳድሩ። በር ላይ ያለው ላስቲክ ከላላም ፍሪጁ አይቀዘቅዝም።

## ደረጃ 2፦ ሩዙ ሲወርድ የሚተርፈውን ወዲያው ለዩ

ብዙ ሰው የሚያጠራቅመው ከተበላ በኋላ የተረፈውን ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሩዙ እንደወረደ ለነገ የምትፈልጉትን መጀመሪያ አውጡ፣ ከዚያ ቀሪውን አቅርቡ።

ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ሰዓቱ እራት ላይ አያልቅም። ለነገ የሚቀመጠው ሩዝም እጅ አይነካውም። በእጅ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ የምትበሉ ከሆነ ይህ በጣም ይጠቅማችኋል። ከሰው እጅና አፍንጫ የሚመጣ ስታፊሎኮከስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ አለ። የእሱም መርዝ መፍላትን ይቋቋማል። እጅ የገባበትን ትራፊ ወደ ድስቱ አትመልሱ። ለነገም አታስቀምጡት።

ሩዙን በንጹሕ ጭልፋ አውጡ። የቀመሳችሁበትን ማንኪያ አትመልሱበት።

## ደረጃ 3፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዙ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ሌላውን ሁሉ በትክክል ብታደርጉና ይህን ብትዘሉ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የብሪታንያ የምግብ ደኅንነት ተቋም የሚመክረው ሩዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ እንዲገባ ነው። የአሜሪካው የግብርና መሥሪያ ቤት ለማንኛውም የበሰለ ምግብ ሁለት ሰዓት ይሰጣል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። ለሩዝ አንድ ሰዓትን ያዙ። ሁለት ሰዓት የመጨረሻው ጠርዝ ይሁን።

አሠራሩ፦

1. ሩዙን ትሪው ላይ አፍስሱና በስሱ ዘርጉት። ከሁለት ጣት ውፍረት አይበልጥ።
2. በሹካ ቀስ አድርጋችሁ ፈርፍሩት። እብጥ ብሎ የተያያዘ ቦታ ካለ ሙቀቱ እዚያ ይደበቃል።
3. ክዳን አትክደኑበት። ዝንብ ካስቸገረ ቀጭን ንጹሕ ጨርቅ ወይም የምግብ መከለያ መረብ ጣል አድርጉበት።
4. ከትሪው ሥር ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሰፋ ያለ ሳፋ አድርጉ። ውሃው ሲሞቅ ቀይሩት። በረዶ ካላችሁ ጨምሩበት።
5. በየአምስት ደቂቃው አገላብጡት።
6. እንፋሎቱ ሲጠፋና ትሪው ሥር በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ዝርግ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ወደ ፍሪጅ አስገቡ። እንዲህ የተዘረጋ ሩዝ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ የምታጠሉ ከሆነ ወንፊት ላይ እንዳለ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ፈጣኑ መንገድ ነው። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የምትጠጡት ዓይነት ይሁን። የሚያጠራጥር የቧንቧ ውሃ ያበሰላችሁትን ሩዝ መልሶ ያበላሽባችኋል።

እነዚህን አታድርጉ፦

- ድስቱን እንዳለ ከነክዳኑ ወደ ፍሪጅ አታስገቡ። ከውጭ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል።
- ድስቱን በፎጣ ወይም በብርድ ልብስ አትጠቅልሉ። ለግማሽ ሰዓት ሙቅ ለማቆየት ብላችሁ ሌሊቱን ለብ እንዳለ ታሳድሩታላችሁ።
- “ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ፍሪጅ አይገባም” የሚለውን አትከተሉ። ትንሽ ለብ ያለ፣ በስሱ የተዘረጋ ሩዝ ፍሪጁን አይጎዳውም። ትልቅ ትኩስ ድስት ነው የሚያስቸግረው።

## ደረጃ 4፦ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ

ዕቃው ዝርግና ክዳን ያለው ይሁን። ሁለቱን አንዱ በሌላው ላይ አትደራርቡ፤ አየር ይዙርበት። ጥሬ ሥጋ ከሥር፣ ሩዙ ከላይ ይሁን። ክዳኑ ላይ የገባበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ወረቀትና ፕላስተር ይበቃል። ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ፍሪጅ የሚከፍት ከሆነ “የመቼ ነው?” ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ስንት ቀን ይቆያል? እንግሊዞቹ ለሩዝ አንድ ቀን ይላሉ። አሜሪካኖቹ ለተረፈ ምግብ እስከ አራት ቀን ይፈቅዳሉ። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ቤት ውስጥ ፍሪጅ ሁልጊዜ ፍሪጅ አይደለምና በማግስቱ ጨርሱት።

ከዚያ በላይ ማቆየት ከፈለጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሩዝ በንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ እንደ ቂጣ ጠፍጥፉት። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይሞቃል። ልብ በሉ፣ ብርድ ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ቀድሞ የተሠራ መርዝንም አያጠፋም።

## ደረጃ 5፦ አሙቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ

1. የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ። ቀሪው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።
2. የጠጠረውን ሩዝ ፈርፍሩት። ለአንድ ሳህን አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት።
3. መጥበሻ ከሆነ ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት አሙቁ፣ እያገላበጣችሁ። ማይክሮዌቭ ከሆነ ከድናችሁ አሙቁ፤ መሃል ላይ አውጥታችሁ አማስሉና መልሱት። ማይክሮዌቭ ዳሩን አቃጥሎ መሃሉን ቀዝቃዛ ይተዋል።
4. ከዳር እስከ መሃል እንፋሎት እስኪወጣው ጠብቁ። ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ። ለብ ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ባክቴሪያውን ሳትገድሉ ታሞቁለታላችሁ።
5. ወዲያው ብሉ። የተረፈውን ድፉት። እንደገና አቀዝቅዞ እንደገና ማሞቅ የለም።

የፍሪዘር ሩዝ ውጭ ተቀምጦ በረዶው እንዲቀልጥ አትጠብቁ። እንደበረደ በቀጥታ ውሃ ጠብ አድርጋችሁበት አሙቁት።

## ደረጃ 6፦ ምሳ ዕቃ

ጠዋት ትኩስ የተሠራ ሩዝም ቢሆን ተራ ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ እስከ እኩለ ቀን ለብ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ምሳ ዕቃ ሁለት መንገድ ብቻ አለው።

ሙቅ መንገድ። የምግብ ፔርሙዝ ተጠቀሙ። የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ከድኑትና አሥር ደቂቃ ይቆይ። ውሃውን ድፉና የሚያቃጥለውን ሩዝ ወዲያው እስከ አፉ ሙሉት። ግማሽ የተሞላ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለመፈተን አንድ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሞክሩት፦ ጠዋት ሞልታችሁ በምሳ ሰዓት ክፈቱና ለኩ። ከ60 ዲግሪ በላይ ካልቆየ ለሩዝ አይሆንም።

ቀዝቃዛ መንገድ። ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሳይሞቅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይግባ። አጠገቡ የበረደ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉና ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልሉ። ልጁ ውሃውም ይጠቅመዋል። በምሳ ሰዓት ሩዙ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት።

ሁለቱም ካልተቻለ ያን ቀን ዳቦ ወይም ሌላ ደረቅ ነገር ቋጥሩ።

## “እንዲህ ቢሆንስ?”

እራት ሰዓት ላይ ረሳሁት፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። ድፉት። ከሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፍሪጅ ማስገባት ያለፈውን ሰዓት አይመልስም።

ራይስ ኩከሩ ውስጥ ነው ያደረው። መሰኪያው ተነቅሎ ከነበረ ተራ ድስት ነው፣ ያውም በደንብ የሚከደን። ድፉት። ማቆያው ላይ በርቶ ከነበረ ደግሞ መሃሉን ለኩ። ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሌሊቱን ባክቴሪያ አልተባዛበትም። መብራት ሄዶ ተመልሶ ከሆነ ግን የጠዋቱ ልኬት የሌሊቱን አይነግራችሁም፤ አትመኑት።

ሌሊት መብራት ሄደ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም መቼ እንደሄደ ካላወቃችሁ ሩዙን አትብሉ። ብልሃት አለው፦ ፍሪዘር ውስጥ በብርጭቆ ውሃ አበርዱና ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ጠዋት ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

የኢፍጣር ሩዝ ለሱሑር። በመካከሉ ዘጠኝና አሥር ሰዓት አለ። ለሱሑር የሚሆነውን ከኢፍጣር በፊት ለዩ፣ ዘርግታችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ ሌሊት በእንፋሎት አሙቁ። በጾም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተሠርቶ 9 ሰዓት የሚበላ ሩዝ በአትክልትም እንዲሁ ነው። ወደ መብያው ሰዓት አስጠግቶ መሥራት ወይም እንደዚያው ማቀዝቀዝ።

ሎሚ፣ ቅመም ወይም ቃሪያ አለበት። አይጠብቀውም። የጃፓኖቹ ሱሺ ሩዝ ውጭ የሚቆየው ተለክቶ በገባ ኮምጣጤ በደንብ ጎምዝዞ ነው። የቤታችን ጥቂት ጠብታ ሎሚ እዚያ አይደርስም።

ፓስታና መኮሮኒስ? ያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ብራስልስ ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ አምስት ቀን ውጭ የቆየ ስፓጌቲ በማይክሮዌቭ አሙቆ በላ። በማግስቱ ሞቶ ተገኘ፤ ጉበቱ ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው። ግን ያ ስፓጌቲ ሞቆ ነበር።

ውጭ ያደረውን ለሰው ልስጠው? ለየኔ ቢጤ? አይሆንም። ለልጃችሁ የማትሰጡትን ለማንም አትስጡ። ደጅ ያለው ሰው ቢታመም የሚያነሳው የለውም። በጊዜ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ያደረ ሩዝ ከሆነ አሙቃችሁ ስጡ። ውጭ ያደረውን ግን ለውሻም አትስጡ።

## ከተበላ በኋላ

ምንም ስሜት ከሌላችሁ ጣት አፍ ውስጥ ከትታችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ። ጠብቁ። የሚያስመልሰው ዓይነት ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፦ ማቅለሽለሽና በላይ በላዩ ማስመለስ። ተቅማጥና ቁርጠት የሚያመጣው ዘግየት ይላል፤ ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋሉ።

1. ኦአርኤስ በጥብጡና በትንሽ በትንሹ ጠጡ። ቶሎ ቶሎ አንድ አንድ ማንኪያ፣ በተለይ ለልጅ። በአንድ ትንፋሽ የተጠጣ ብርጭቆ ተመልሶ ይወጣል።
2. አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሕመሙን የሚያመጣው መርዙ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ መርዝን አያጠፋም።
3. ማስመለሱ እስኪበርድ ምግብ አታስገድዱ።

ወደ ሐኪም ቤት የምትሄዱት መቼ ነው? ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳትዘገዩ። ውሃ እንኳ የማይረጋ ከሆነ። ሽንት ከጠፋ ወይም በጣም ከጠቆረ። ደም ከታየ። ሕመሙ ከአንድ ቀን ካለፈ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ይህ የጉበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስትሄዱ ሦስት ሰዓቶችን ጽፋችሁ ያዙ፦ ሩዙ የተሠራበትን፣ የተበላበትንና ማስመለሱ የጀመረበትን። ከዚያው ድስት ሌላ ማን እንደበላም ተናገሩ። የተረፈ ሩዝ ካለ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው አቆዩትና “አይበላ” ብላችሁ ጻፉበት፤ ሐኪሙ ሊጠይቃችሁ ይችላል።